ኪሎው ቀነሰ፣ ቦርጩ ቀረ

የአክስቴ ልጅ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። 31 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ቦርጩን ሊያጠፋ ቆርጦ ተነሳ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 84 ኪሎ ነበር። ለስላሳ መጠጥ ተወ። የምሳውን እንጀራ በግማሽ ቀነሰ። ሰፈሩ ካለው ጂም ተመዝግቦ በሳምንት አራት ቀን ብረት ማንሳት ጀመረ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የሚችለውን ሁሉ አድርጓል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ቤቴ መጣ። ፊቱ ጠውልጓል። «እታለም፣ አምስት ኪሎ ቀነስኩ» አለኝ። እሰይ ልለው ስል ቀበቶውን አሳየኝ። ቀበቶው የሚታሰረው ዛሬም በድሮው ቀዳዳ ነው። ሜትር አምጥቼ ወገቡን በእምብርቱ ዙሪያ ለካሁት። ሲጀምር 98 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን 97 ነው። ክንዱ ግን በዓይን እንኳ ሲታይ ቀጥኗል። አግዳሚ ላይ ተንጋሎ አሥር ጊዜ ይገፋው የነበረውን 50 ኪሎ ብረት አሁን ስድስት ጊዜ ገፍቶ ያቆማል።

የተማርኩት ሥነ ምግብ ነውና ስለሚበላው ነገር ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቅኩት። ምግቡ ላይ ይህን ሁሉ የሚያመጣ ጉድለት አላገኘሁም። ስለ እንቅልፉ የጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነበር።

ውሎው እንዲህ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አውቶቡሶች ማለዳ ነው የሚነሱት። መንገደኛው ገና ሳይነጋ መናኸሪያ መድረስ አለበት። ለባጃጅ ጥሩ ብር ያለው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልኩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጮኻል። እስከ ምሽት 12 ሰዓት ድረስ ከመርካቶ ኮቺ፣ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ ሲመላለስ ይውላል። ከዚያ ጂም ይገባል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እራት ይበላል። እራት እንዳለቀ እናቱ ቡና ታፈላለች። ቡናው ሲያበቃ ደግሞ ስልክ አለ። ዓይኑ የሚከደነው 6 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ማለት አራት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ማለት ነው።

«ሰውነቴ ለምዶታል» ይላል።

ሁለቴ ሦስት ኪሎ

የሱን ታሪክ ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ነው። የተሠራው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተሳታፊዎቹ አሥር ብቻ ነበሩ። ሁሉም ውፍረት ያላቸው፣ ግን ጤነኛ የሆኑ ጎልማሶች ናቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ጥናት ላይ ይህን ያህል የምቆመው አሠራሩ ጥብቅ ስለነበር ነው። ሰዎቹ ለ14 ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ እየኖሩ የሚበሉት ምግብ እየተመዘነ ይሰጣቸው ነበር። ምግቡም ሆን ተብሎ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ነበር። በአንደኛው ዙር በሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሌላው ዙር አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ። ያው ሰው ነው ሁለቱንም ዙር ያለፈው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ቢያንስ ሦስት ወር አለ።

ውጤቱን ሚዛን ብቻ ቢናገረው ኖሮ ማንም ልዩነት አያይም ነበር። በሁለቱም ዙር የቀነሱት ወደ ሦስት ኪሎ ነው። ልዩነቱ የታየው የሰውነት ውስጥ ስብ ሲለካ ነው። በደንብ በተኙበት ዙር ከቀነሱት ሦስት ኪሎ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። እንቅልፍ ባጠሩበት ዙር ግን ስቡ 0.6 ኪሎ ብቻ ሆነ። የቀረው 2.4 ኪሎ የሄደው ስብ ካልሆነው የሰውነት ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ስብ ያልሆነው ክፍል ሁሉ ጡንቻ አይደለም። ውሃ አለበት። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ስኳርም አለበት። ስለዚህ «2.4 ኪሎ ጡንቻ ጠፋ» ብሎ መናገር ስህተት ነው። የጠፋው ግን ቦርጭ አለመሆኑ እርግጥ ነው።

ይህን ስሌት በአክስቴ ልጅ ላይ እንሞክረው። ግምት ነው፤ እሱ ላቦራቶሪ ውስጥ አልኖረም። ብረትም ያነሳል፤ የጥናቱ ሰዎች ደግሞ ስፖርት አልሠሩም። ነገር ግን እንደ እነሱ ቢሆን ከቀነሰው አምስት ኪሎ ውስጥ ስቡ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። በደንብ እየተኛ ቢሆን ኖሮ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠጋ ነበር። የቀበቶው ቀዳዳ ያልተለወጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ምግብ ሲቀንስ ሰውነት የጎደለውን ከራሱ ጎተራ ይሞላል። ጎተራው ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ስብ ነው። ሌላው ጡንቻን የሠራው ፕሮቲን ነው። የቺካጎዎቹ ተመራማሪዎች የተሳታፊዎቹን ትንፋሽ ለክተው ነበር። ከትንፋሽ ውስጥ ሰውነት በዚያ ሰዓት የሚያቃጥለው ስብ ይሁን ሌላ ነገር ማወቅ ይቻላል። እንቅልፍ ባነሰበት ዙር ስብ የማቃጠሉ ድርሻ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የረሃብ ሆርሞን የሆነው ግሬሊን ደግሞ ከፍ አለ። ሰውነቱ ስቡን አጥብቆ ይዞ ምግብ አምጡ እያለ ነበር ማለት ነው።

ከምሳ በኋላ የሚመጣ ረሃብ

የአክስቴ ልጅ ጠዋት ጠዋት አይቸገርም። ችግሩ የሚጀምረው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። «ምሳ በልቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው ሆዴን የሚሞረሙረኝ» አለኝ። የሚያምረው ደግሞ ሽሮ አይደለም፤ ንፍሮም አይደለም። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች ነው። አብዛኛውን ቀን ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል። ማታ ግን፣ በተለይ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ፣ ይሸነፋል።

ስለ እንቅልፍና ረሃብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሌላ የቺካጎ ሙከራ ነው። 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ ቆዩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሌሊት አሥር አሥር ሰዓት። እንቅልፍ ሲያጥራቸው «ጠግበሃል» የሚለው ሆርሞን ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ። «ርቦሃል» የሚለው ግሬሊን በ28 በመቶ ወጣ። ረሃባቸውም በ24 በመቶ ጨመረ። ከሁሉ በላይ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዱቄትነት ያለው ምግብ ነበር።

ይህ ጥናት እውነት ነው። ግን ሁሉንም ነገር በሁለት ሆርሞን መግለጽ አይቻልም። እነዚያ ወጣቶች በልኬቱ ቀን ምግብ እየበሉ አልነበረም። የስኳር ፈሳሽ በደም ሥራቸው ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሎራዶ ውስጥ 16 ሰዎች ለአምስት ቀን በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እየተኙ የፈለጉትን እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። አሁን ሆርሞኖቹ ሌላ ነገር ተናገሩ። ሌፕቲን ወጣ፣ ግሬሊን ወረደ። ሆርሞኖቹ «በቂ አለን» እያሉ ሰዎቹ መብላታቸውን ቀጠሉ። በተለይ ከእራት በኋላ። በአምስት ቀን ውስጥ 0.8 ኪሎ ያህል ጨመሩ።

ስለዚህ ሆድ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትም አለበት። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካናቢስ የሚያንኳኳውን የአንጎል በር ነው የሚያንኳኳው። ሥራው ምግብን የበለጠ እንዲጣፍጥና እንዲያጓጓ ማድረግ ነው። መጠኑ በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ደህና ለተኛ ሰው እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ብሎ ከዚያ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 14 ወጣቶች ለአራት ሌሊት አራት ሰዓት ተኩል ብቻ አልጋ ላይ ቆዩ። ንጥረ ነገሩ ከወትሮው በ33 በመቶ ገደማ በልጦ ወጣ። የወጣውም ዘግይቶ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስም አልወረደም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። የአክስቴ ልጅ የሚፈተንበት ሰዓት ነው። የጥናቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትልቅ ምግብ በልተው ነበር። ያም ሆኖ መክሰስ ሲቀርብላቸው በደንብ ከተኙበት ጊዜ ይልቅ አብልጠው በሉ። የበሉት ስብ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ሆዳቸው ሙሉ ነበር። ያልጠገበው አንጎላቸው ነው።

አንድ ሰው ረሃቡ ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ መሆኑን መለየት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። በቂ ምሳ በልተህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከራበህ፣ የሚያምርህም ጣፋጭና ጥብስ ብቻ ከሆነ፣ ያለፉትን ሦስት አራት ሌሊቶች ቁጠር።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ብዙ ሰዓት ነቅቶ የሚቆይ ሰው ብዙ ኃይል ያቃጥል የለ? አዎ፣ ያቃጥላል። በኮሎራዶው ጥናት የቀን ወጪው በ5 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ይህ ወደ 100 ካሎሪ ነው። ዘይት የጠጣ አንድ መካከለኛ ቦምቦሊኖ ብቻውን ከ200 ካሎሪ በላይ ሊኖረው ይችላል። ተጨማሪ ሰዓት ነቅቶ የተገኘው ወጪ በግማሽ ቦምቦሊኖ ይመለሳል። ቦምቦሊኖ ደግሞ ማንም ግማሹን በልቶ አይተወውም።

ብረቱ ለምን ከበደው?

ጂም ውስጥ ጡንቻ አይሠራም። እዚያ የሚሆነው መድከምና በጥቂቱ መጎዳት ነው። ጡንቻው የሚጠገነውና የሚወፍረው በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ከምንበላው ፕሮቲን አዲስ የጡንቻ ፕሮቲን ሲሠራ ነው። ጥገናው ምን ያህል እንደሚፈጥን በላቦራቶሪ መለካት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ 13 ወጣቶች አንድ ሙሉ ሌሊት ሳይተኙ አድረው ተለኩ። የጥገናው ፍጥነት በ18 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጡንቻ እንዲፈርስ የሚገፋው ኮርቲዞል በ21 በመቶ ጨመረ። እንዲሠራ የሚረዳው ቴስቶስቴሮን በ24 በመቶ ቀነሰ።

ጂም ውስጥ «የእድገት ሆርሞን የሚወጣው ስትተኛ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ትክክል ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ስንሆን ነው የሚወጣው። ግን አጭር የሚተኛ ሰውም ያንን ጥልቅ እንቅልፍ በአብዛኛው ያገኘዋል። ሰውነት እሱን ያስቀድማል። የሚቆረጠው የንጋቱ ክፍል ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ችግር የእድገት ሆርሞን ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ይበልጥ የሚታየኝ ሦስት ነገር በአንድ ላይ መምጣቱ ነው። ምግቡን ቀንሷል። እንቅልፉን ቀንሷል። በዚያ ላይ ጡንቻውን በሳምንት አራት ቀን ያደክማል። ጠጋኙ ቁሳቁስም ጊዜም አጣ።

መልካም ዜናም አለ። ለአምስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ በተኙ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ነበር። ስፖርት ያልሠሩት የጡንቻ ጥገናቸው ወረደ። ጠንከር ያለ የሳይክል ስፖርት የሠሩት ግን አልወረደባቸውም። ስለዚህ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ስፖርት መተው ልክ አይሆንም። እሱም ብረቱን ባያነሳ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ጡንቻ ያጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሰውነት እያገገመ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? የጡንቻ ሕመም ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ። በየሳምንቱ የምትገፋው ብረት ሲቀንስ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህ ከወትሮው ከፍ ብሎ ለብዙ ቀን ሲሰነብት። እሱ ሦስቱም ነበሩት።

«ለምዶታል» ያለው ነገርም እዚህ ላይ ይነሳ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ሰዎች ለሁለት ሳምንት በሌሊት ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ተኝተው ንቃታቸው በየቀኑ ተለካ። ንቃታቸው በየቀኑ ሲወርድ ነበር። የድካም ስሜታቸው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ መጨመር አቆመ። የለመደው ስሜታቸው እንጂ ሰውነታቸው አልነበረም። ሰው ጭኖ ለሚነዳ ሰው ይህ ከቦርጭም በላይ የሚያሳስብ ነው።

ቡናውና ጫቱ

ጅማ ላይ ስለ እንቅልፍ ጽፎ ቡናን ማለፍ አይቻልም። ካፌይን አንጎል ውስጥ የድካምን መልእክት የሚቀበለውን በር ይዘጋል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግማሹ ደምህ ውስጥ አለ።

«እኔ ጠጥቼ ድብን ብዬ ነው የምተኛው» የሚሉ ብዙ ናቸው። አክስቴም አንዷ ናት። ለነሱ የምነግራቸው አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች ከመተኛታቸው ስድስት ሰዓት በፊት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ወሰዱ። ብዙ ነው፤ ከሦስት ዙር ሲኒ በላይ ሊሆን ይችላል። እንቅልፋቸውን የለካው መሣሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደጎደለ አሳየ። ሰዎቹ ራሳቸው ጠዋት የመዘገቡት ግን ጉድለቱን አላሳየም። ሰው ያጣውን እንቅልፍ ተኝቶ ስለነበር አያውቀውም። ሁሉም ሰው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ካፌይንን ቶሎ ያስወጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በጣም ቀስ ብላ ነው የምታስወጣው።

ጫቱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ስለዚህ የሚቅም ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ያንን ረሃብ አያየውም። አንዳንዱ «ጫት ያቀጥነኛል» ይላል። ግን ምርቃናው ሌሊቱን ይወስድበታል። ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ ዓይኑ ፈጦ ይቀመጣል። በማግስቱ ረሃቡ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ ያንን ረሃብ ለመዝጋት እንደገና ይቅማል። ሲቅም እራቱን ስለሚዘልም የሚቀንሰው ኪሎ ከየት እንደሚመጣ ከላይ አይተናል። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጥ ነበር። እሑድ ማታ ከሁሉ የበለጠ የሚበላው ለምን እንደሆነ ያልገባው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰባትና ስምንት ሰዓት ተኝቶም ያልተኛ ያህል የሚነሳ ሰው አለ። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ቆሞ በድንጋጤ የሚመለስ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሳ ከሆነ ሰዓት መጨመር አይፈውሰውም። ይህ የመተንፈሻ መንገድ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ማየት አለበት። አብሮት የሚተኛ ሰው ነው ቀድሞ የሚያውቀው።

ምን ቀየርን?

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ለአክስቴ ልጅ ያነበብኩለት እሱን ነው። ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ውፍረት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የኖሩት በየቤታቸው ነው። ስለ ምግብ ምንም አልተነገራቸውም። ግማሾቹ ስለ እንቅልፋቸው አንድ ጊዜ ተመከሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፋቸው በሌሊት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ጨመረ። የሚበሉት ደግሞ በቀን በ270 ካሎሪ ቀነሰ። ይህ ማንም ተከልክሎ የመጣ አይደለም። ረሃቡ ራሱ ስለቀነሰ ይመስለኛል።

እሱ የንጋቱን ገቢ መተው አይችልም፤ እኔም ተው አላልኩትም። ስለዚህ የነካነው ምሽቱን ነው። ጂሙ ከአራት ቀን ወደ ሦስት ወረደ። ከሦስቱ አንዱ እሑድ ረፋድ ሆነ። እራቱ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መጣ፤ ጂም በሚገባባቸው ቀናት ወደ 2 ሰዓት። ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰው ከመርካቶ የገዛው የጠረጴዛ ሰዓት ነው። 4 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ 10 ተኩል ላይ ይነሳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። በቂ አይደለም። ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲከርና ሰው ሲጠፋ፣ ቤቱ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተኛል። ባጃጁ ውስጥ ተጣጥፎ ሳይሆን አልጋው ላይ።

ምሳውንም ወደ ነበረበት አቅራቢያ መለስነው። በግማሽ መቀነሱ ከልክ አልፎ ነበር። ቁርሱ ላይ ሁለት እንቁላል ጨመርን። እራቱ ላይ ሽሮው ወይም ምስሩ እንዲበዛ፣ እንጀራው እንዲያንስ ተደረገ።

ከሁለት ወር በኋላ ሚዛኑ 78 አለ። አንድ ኪሎ ብቻ ነው የወረደው። ወገቡ ግን 93 ሆኗል። 50 ኪሎውን ብረት አሥራ አንድ ጊዜ ገፋ። ይህ ሁሉ የእንቅልፍ ውጤት ነው ማለት አልችልም። ምግቡንም ቀይረናል፤ ጂሙንም አሳንሰናል። የትኛው ምን ያህል እንደረዳው መለየት አይቻልም። የ9 ሰዓቱ ረሃብ ግን ምግቡን ከመቀየራችን በፊት፣ ምሽቱን ባስተካከልን በአሥረኛው ቀን ገደማ ነው የለቀቀው። «ሳምቡሳ ቤቱን አልፌ ሄጄ ነው ትዝ ያለኝ» ብሎ ደወለልኝ።

የቀረው ችግር የማታው ቡና ነበር። አክስቴ ልጇ አቦሉን እንኳ ሳይጠጣ መነሳቱ አሳዝኗታል። «በረካውን ሳትጠጣ እንዴት ትተኛለህ?» ትለው ነበር። እሱም እናቱን ማስከፋት አልፈለገም። ቁጭ ብሎ ቆሎውን ብቻ እየበላ ጥቂት ቀን አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ ረከቦቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አክስቴ ቡናውን ልጇ ለምሳ ወደሚገባበት ሰዓት አምጥታዋለች። እሱ አቦሉን ይጠጣና ወደ አልጋው ይሄዳል። ካፌይኑ ጭንቅላቱ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ሸለብታው አይበላሽበትም። ሲነሳ ቶናውና በረካው አልፈዋል፤ አክስቴ ግን የሱን ሲኒ አጥባ ለማታ አታስቀምጠውም።